አቼቶ ወይስ ሲትሪክ አሲድ፦ የኮፊ ሜከርን ነጭ ቅርፊት ለማስለቀቅ የትኛውን፣ መቼ እንጠቀም?

ጀበናው ለበዓልና ለእንግዳ፣ ኮፊ ሜከሩ ደግሞ ለሥራ ቀን ጠዋት የሆነበት ቤት በተለይ በውጭ አገር በሚኖሩ ወገኖቻችን ዘንድ ብዙ ነው። ጀበናው በየጊዜው ይታጠባል፤ ኮፊ ሜከሩ ግን ጆጉ ብቻ እየተለቀለቀ ወራት ያልፋሉ። በዚህ መካከል በማሽኑ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይከማቻሉ። አንደኛው ውኃው ጥሎት የሚሄደው ነጭ ቅርፊት ሲሆን ሁለተኛው ቡናው የሚተወው ቡናማ ቅባት ነው። አሲድ የሚያስወግደው የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ ስለዚህ «አቼቶ ይሻላል ወይስ ሲትሪክ አሲድ?» የሚለው ጥያቄ የሚመለከተው ነጩን ቅርፊት ነው። የኔን መልስ አስቀድሜ ልናገር፦ በየጊዜው ለሚጸዳና ቅርፊቱ ስስ ለሆነ ማሽን ሲትሪክ አሲድ ይመረጣል፤ ለረጅም ጊዜ ሳይጸዳ ለቆየ ማሽን ግን በአቼቶ መጀመር ይሻላል። ምክንያቱ የአሲዶቹ ጉልበት ሳይሆን ቅርፊቱ ከሟሟ በኋላ በሙቅ ውኃ ውስጥ የሚሆነው ነገር ነው።

ቅርፊቱ የተደበቀው የት ነው?

የተለመደው ኮፊ ሜከር ፓምፕ የለውም። በታንኩ የተሞላው ውኃ በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፍ ትንሽ ቫልቭ በኩል ወርዶ፣ ጆጉ ከሚቀመጥበት ትኩስ ሳህን ሥር እንደ ፈረስ ኮቴ ወደታጠፈ ቀጭን ቱቦ ይገባል። በአብዛኛው ይህ ቱቦ ከአሉሚኒየም የተሠራና ከማሞቂያው ጋር የተጣበቀ ነው። ውኃው እዚያ ሲፈላ የሚፈጠሩት የእንፋሎት አረፋዎች የቀረውን ውኃ ወደ ላይ ይገፉትና በተፈጨው ቡና ላይ ያንጠባጥቡታል። ቫልቩ ባይኖር ኖሮ የሞቀው ውኃ ወደ ታንኩ ይመለስ ነበር።

ማዕድን በበዛበት ውኃ ውስጥ ያለው ካልሲየም ውኃው ቀዝቃዛ እስከሆነ ድረስ እንደሟሟ ይኖራል። ውኃው ሲሞቅ ግን ካልሲየሙን አሟሙቶ የያዘው ውሑድ ይፈርስና ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአየር ይወጣል፤ የሚቀረው ካልሲየም ካርቦኔት፣ ማለትም የኖራ ድንጋይ የተሠራበት ነገር፣ በጣም በጋለው ግድግዳ ላይ ይጣበቃል። ስለዚህ ቅርፊቱ ከሁሉም ቦታ ይልቅ የሚወፍረው በማይታየው ቱቦ ውስጥ ነው። ታንኩ ንጹሕ ሆኖ ቱቦው የተደፈነበት ማሽን ብርቅ አይደለም።

ቅርፊት ሙቀትን በደንብ አያሳልፍም። ማሞቂያው የሚሰጠው ሙቀት ወደ ውኃው መግባት ሲያቅተው ቱቦው ራሱ ከመጠን በላይ ይግላል፤ ያኔ ቴርሞስታቱ ኤሌክትሪኩን ይቆርጣል፣ ትንሽ ሲበርድ መልሶ ያገናኛል። ማሽኑ የሚዘገየው «ስላረጀ» ወይም ማሞቂያው ስለደከመ ሳይሆን በዚህ መቆራረጥ ምክንያት ነው። ሁኔታው ከቀጠለ ደግሞ ለመጨረሻ መከላከያ የተቀመጠው የሙቀት ፊውዝ ይቃጠላል፤ እርሱ አንዴ ከተቃጠለ ማሽኑ ከነጭራሹ አይነሣም፣ የትኛውም አሲድ ቢፈስበት ለውጥ የለም።

ምልክቶቹን ለመለየት ከሁሉ የሚታመነው ሰዓት ነው። 900 ዋት ኃይል ያለው ማሽን 1.5 ሊትር የክፍል ሙቀት ያለውን ውኃ አሞቆ ለመጨረስ ወደ 9 ደቂቃ ያህል ያስፈልገዋል። ማሽኑ ንጹሕ ሳለ የወሰደበትን ጊዜ መዝግቦ መያዝና፣ ያው መጠን ከዚያ በአንድ ሦስተኛ ያህል ሲረዝም ማጽዳት በቂ መመሪያ ነው። ከዚህም ሌላ ከክዳኑ በኩል ከወትሮው የበዛ እንፋሎት መውጣት፣ የሚያፏጭ ድምፅ፣ በየመሀሉ የሚሰማ የመቋረጥ ቀጭታ፣ ማሽኑ «ጨረስኩ» ካለ በኋላም በታንኩ የሚቀር ውኃ፣ እነዚህ ሁሉ የቅርፊት ምልክቶች ናቸው። የቡናው ጣዕም የቆየ ዘይት ሲመስል ግን ጥፋቱ የቅርፊት ሳይሆን የቅባት ነው፤ ወደ እርሱ በኋላ እመለሳለሁ።

ሁለቱ አሲዶች ጎን ለጎን

ለምግብ የሚሸጠው ነጭ አቼቶ በአብዛኛው 5 በመቶ አሴቲክ አሲድ ይይዛል፤ ይህ ቁጥር በጠርሙሱ ላይ ስለሚጻፍ ከመግዛት በፊት ማየት ይገባል። የወይን፣ የፖምና ባልሳሚክ የሚባሉት ዓይነቶች ስኳርና ቀለም ስላላቸው ለዚህ ሥራ አይሆኑም። ሲትሪክ አሲድ ደግሞ ስኳር የመሰለ ነጭ ደቃቅ ቅንጣት ነው። እስራኤል የሚኖሩ ወገኖቻችን «ሜላሕ ሊሞን»፣ በዐረብ አገሮች ያሉት ደግሞ «ሚልሕ ለይሙን» እያሉ የሚገዙት ያው ሲትሪክ አሲድ ነው። የሎሚ ጭማቂም ይህንኑ አሲድ ይይዛል፤ ሆኖም ስኳሩና ጭማቂው ውስጥ ያለው ሥጋ በቱቦው ውስጥ ስለሚቀሩ ሎሚ ጨምቆ በማሽን ውስጥ ማስኬድን አልመክርም።

ብዙ ሰው ሲትሪክ አሲድ «ይበልጥ ኃይለኛ» ስለሆነ ብዙ ቅርፊት ያነሣል ብሎ ያስባል። በፍጥነት መጀመሩ እውነት ነው፤ መጠኑ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። አንድ ሊትር ባለ 5 በመቶ አቼቶ 50 ግራም አሲድ ይይዛል፤ 50 ግራም ሲትሪክ አሲድ በአንድ ሊትር ውኃ ብናሟሟም አሲዱ በክብደት እኩል ይሆናል። በስሌት ደረጃ ሁለቱም ሊያሟሙ የሚችሉት ቅርፊት ከ40 ግራም ብዙም አይርቅም። በማሟሟት አቅም ረገድ እንግዲህ ግራም በግራም ተቀራራቢ ናቸው።

ልዩነቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አሴቲክ አሲድ ከካልሲየም ጋር ሲዋሐድ የሚሠራው ካልሲየም አሲቴት በውኃ ውስጥ በጣም የሚሟሟ ስለሆነ ከፈሳሹ ጋር አብሮ ይወጣል። ካልሲየም ሲትሬት ግን እምብዛም የማይሟሟ ነው፤ አሲዱ እያለቀና ፈሳሹ እየሞቀ በሄደ ቁጥር ነጭ ዝቃጭ ሆኖ መልሶ ይቀመጣል። ሲትሪክ አሲድ የሚያመርቱ ፋብሪካዎች ራሳቸው በዚህ ባሕርይ ይጠቀማሉ፦ አሲዱን ከሌላው ፈሳሽ ለመለየት ኖራ ጨምረው በሙቀት ካልሲየም ሲትሬት አድርገው ያዘቅጡታል። ለኛ ሥራ ይህ ማለት ቅርፊቱ ብዙ፣ አሲዱ ጥቂት፣ ቱቦው ደግሞ የሚፈላ በሆነ ጊዜ አንዱን ነጭ ነገር አስለቅቀን ሌላ ነጭ ነገር ልንተካ እንችላለን ማለት ነው። ቅርፊቱ ስስ ከሆነና አሲዱ ከተረፈ ግን ይህ ችግር አይነሣም።

በሌላው መመዘኛ ሁሉ ሲትሪክ አሲድ ይበልጣል። ሽታ የለውም፤ የአቼቶ ሽታ ግን በማሽኑ የጎማ ክፍሎች ውስጥ ስለሚቆይ ሦስት ጊዜ በንጹሕ ውኃ ካላለቀለቁት በማግስቱ ቡና ላይ ይታወቃል። የሚፈላ አቼቶ እንፋሎቱ ዓይንና ጉሮሮ ስለሚቆጠቁጥ መስኮት መክፈት ያስፈልጋል፤ አስም ያለበት ሰው በቤቱ ካለ ይህ ብቻውን ምርጫውን ሊወስን ይችላል። በማስቀመጥም በኩል አንድ ኪሎ ሲትሪክ አሲድ በየጊዜው 30 ግራም ብንወስድ ከ30 ጊዜ በላይ ያገለግላል፤ አቼቶ በአንጻሩ በአንድ እጥበት ሦስት አራተኛ ሊትር ያህል ይጠፋል። ዱቄቱ እርጥበት ስለሚስብ ክዳኑ ግጥም በሚል ዕቃ ይቀመጥ።

አንዳንድ አምራቾች በመመሪያቸው አቼቶን ይከለክላሉ፣ ሌሎች ደግሞ ራሳቸው ያዝዙታል። የማሽኑ መመሪያ ካለ ከዚህ ጽሑፍ በፊት እርሱ ይደመጣል፤ በተለይ የዋስትና ጊዜው ላላለፈ ማሽን።

አሠራሩ

በሁለቱም አሲዶች ሂደቱ አንድ ዓይነት ነው፤ የሚለየው ቅልቅሉ ነው። ለአቼቶ እኩል መጠን አቼቶና ውኃ ይቀላቀላል። ለሲትሪክ አሲድ ደግሞ በአንድ ሊትር ለብ ያለ ውኃ 30 ግራም፣ ማለትም ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል፣ ይጨመራል። ቅንጣቱ ከማሽኑ ውጭ በሌላ ዕቃ እስኪጠፋ ድረስ መማሰል አለበት፤ ሳይሟሟ ታንኩ ውስጥ የተጨመረ ቅንጣት ወርዶ ቫልቩ ላይ ሊቀመጥ ይችላል።

ታንኩ ውስጥ የከሰል ማጣሪያ ካለ አስቀድሞ ይወጣል። በፊልተሩ መያዣ ላይ ግን ባዶ የወረቀት ፊልተር ይደረጋል፤ ተሰባብሮ የሚወጣውን ቅርፊት ስለሚይዝ ሥራው ምን ያህል እንደሄደ የምናየው በእርሱ ነው። ከዚያም ማሽኑ ይከፈትና ከፈሳሹ ሲሶ ያህል ወደ ጆጉ ሲወርድ ይጠፋል። አሁን ቱቦው በሞቀ አሲድ ተሞልቷል፤ በዚህ ሁኔታ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ይቆያል። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን ቆይታ ነው። ፈሳሹ ሳይቆም ካለፈ በቱቦው ውስጥ የሚቆየው በጣም አጭር ጊዜ ስለሆነ ወፍራም ቅርፊት ላይ ላዩን ብቻ ይነካል። ሌሊቱን ሙሉ መተው ግን አይገባም፤ ሁለቱም አሲዶች ቅርፊቱ ካለቀ በኋላ ፊታቸውን ወደ አሉሚኒየሙ ያዞራሉ። ከቆይታው በኋላ ማሽኑ እንደገና ተከፍቶ የቀረውን ይጨርሳል።

ሥራው ማለቁን ለማወቅ አንድ ቀላል መፈተኛ አለ። ከወጣው ፈሳሽ ጥቂት በብርጭቆ ይቀዳና ቆንጥሮ ቤኪንግ ሶዳ ይጣልበታል። በኃይል ከፈላ አሲድ ተርፏል፣ ማለትም የሚደርስበትን ቅርፊት ጨርሷል። ምንም ካልፈላ ወይም በጭንቅ ከፈላ አሲዱ በቅርፊቱ ተበልቶ አልቋል፤ ስለዚህ በአዲስ ቅልቅል መድገም ያስፈልጋል። ቤኪንግ ሶዳውን ግን ታንኩ ውስጥ ከአሲዱ ጋር መቀላቀል ትርጉም የለውም፤ አረፋው ቢያስደስትም ሁለቱ ተጠፋፍተው የሚቀረው የማያጸዳ የጨው ውኃ ነው።

በመጨረሻ ለሲትሪክ አሲድ ሁለት፣ ለአቼቶ ሦስት ሙሉ ታንክ ንጹሕ ውኃ ማስኬድ በቂ ነው። አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ ይግባ፦ በረኪና ከሁለቱም አሲዶች ጋር በፍጹም መገናኘት የለበትም፤ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ አሲድም ለዚህ ማሽን አይነካም።

አንድ ምሳሌ፦ ላስ ቬጋስ

ከኮሎራዶ ወንዝ የሚመጣው የላስ ቬጋስ የቧንቧ ውኃ በማዕድን ብዛት የታወቀ ነው፤ በሊትር ወደ 280 ሚሊግራም ይደርሳል። በአሜሪካ አመዳደብ ከ180 በላይ የሆነው «እጅግ ማዕድናማ» ከሚባለው ክፍል ስለሚገባ ይህ ከወሰኑ በብዙ አልፏል። እዚያ የሚኖር አንድ ቤተሰብ በየቀኑ 1.5 ሊትር እያፈላ አንድ ዓመት ሙሉ ማሽኑን ሳያጸዳ ቆየ እንበል። በዓመቱ በቱቦው ያለፈው ማዕድን ወደ 150 ግራም ይሆናል። አብዛኛው ከቡናው ጋር ያልፋል፤ ሆኖም አንድ አሥረኛው እንኳ ቢቀር 15 ግራም ቅርፊት ማለት ነው። ማሽኑ ቀድሞ በ9 ደቂቃ የሚጨርሰውን አሁን በ14 ደቂቃ ይሠራል፤ ያም ሆኖ ሁለት ስኒ ያህል ውኃ በታንኩ ይቀራል።

በዚህ ማሽን ላይ 30 ግራም ሲትሪክ አሲድ ብናሳልፍ በስሌት ቢበዛ 23 ግራም ቅርፊት ያሟማል፤ 15ቱን ለማንሣት ከአሲዱ ሁለት ሦስተኛው ይበላል። ለሲትሬት ዝቃጭ የሚመቸው ሁኔታ ይህ ነው፦ አሲዱ ተመናምኖ፣ ካልሲየሙ በዝቶ፣ ፈሳሹ ፈልቶ። በምትኩ 750 ሚሊ ሊትር አቼቶ ከ750 ሚሊ ሊትር ውኃ ጋር ብንጠቀም አቅሙ ወደ 31 ግራም ከፍ ይላል፤ የሟሟውም እንደሟሟ ይወጣል። የመጀመሪያው ዙር ፈሳሽ ደፍርሶና በፊልተሩ ላይ እንቁላል ቅርፊት የመሰለ ስብርባሪ ጥሎ ይወጣል። ሁለተኛው ዙር በአዲስ ቅልቅል ይደገማል፤ ፊልተሩ ንጹሕ ከሆነና ፈሳሹ በቤኪንግ ሶዳ በኃይል ከፈላ በቃ። ከእጥበቱ በኋላ 1.5 ሊትር ውኃ ብቻውን ተፈልቶ በሰዓት ይለካል። ወደ 9 ወይም 10 ደቂቃ ከተመለሰ ማሽኑ ድኗል፤ ከዚያ ወዲያ በየወሩ ሲትሪክ አሲድ ይበቃዋል።

በዚህ መሀል አንድ የሚያስደነግጥ ነገር ሊያጋጥም ይችላል። ማሽኑ ከጸዳ በኋላ ታንኩ ውስጥ እየተንተከተከ ሙቅ ውኃ ወደ ኋላ የሚመልስ ከሆነ፣ የተሰበረ የቅርፊት ቁራጭ ቫልቩ ላይ ተቀርቅሯል ማለት ነው። ማሽኑ ከኤሌክትሪክ ተነቅሎ፣ ቀዝቅዞ፣ በማጠቢያው ላይ ተገልብጦ በእጅ መታ መታ ቢደረግና አንድ ዙር አሲድ ቢጨመርለት አብዛኛውን ጊዜ ይለቅቃል።

በየስንት ጊዜው?

ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው አንድ ቁጥር ሁሉ ለአንዱ ከተማ እውነት፣ ለሌላው ሐሰት ነው። የሲያትል ውኃ በሊትር ወደ 25 ሚሊግራም ብቻ ስለሚይዝ፣ በላስ ቬጋስ በአንድ ወር በማሽኑ የሚያልፈው ማዕድን እዚያ ለማለፍ 11 ወር ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ ለሲያትል በየስድስት ወሩ በቂ ነው፤ በሊትር ከ60 እስከ 120 ሚሊግራም ባለበት ከተማ በየሦስት ወሩ፣ ከዚያ በላይ እስከ 180 በየሁለት ወሩ፣ ከ180 በላይ በየወሩ። ይህ በቀን አንድ ጆግ ለሚያፈላ ቤት ነው፤ በቀን ሦስት ጆግ ለሚያፈላ ቢሮ ጊዜው በሦስት ይካፈል። የውኃ አቅራቢው ድርጅት በየዓመቱ በሚያወጣው የጥራት ሪፖርት ላይ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ይገኛል። በአገር ቤት ቁጥሩን ማግኘት ለሚያስቸግረው ሰው የሻይ ማንቆርቆሪያው ውስጡ ይነግረዋል፤ የድሬዳዋ ሰው ይህን ያለ ማንም አስተማሪ ያውቀዋል።

ብዙዎቹ ማሽኖች ላይ ያለው «አጽዳኝ» የሚል መብራት ይህን አይለይም። አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጥረው የተፈላበትን ብዛት እንጂ ውኃውን ስላልሆነ፣ ለላስ ቬጋስ ዘግይቶ፣ ለሲያትል ቸኩሎ ሊበራ ይችላል። የከሰል ማጣሪያም እንዲሁ በስሙ የሚያታልል ነው፤ ክሎሪንና ሽታ ይቀንሳል እንጂ ካልሲየም አያስቀርም። ካልሲየሙን የሚቀንሱት በውስጣቸው የአዮን መለዋወጫ ያላቸው የማጣሪያ ጆጎች ናቸው።

አሲድ የማይነካው ቅባት

በጆጉ፣ በፊልተሩ መያዣና በክዳኑ ሥር የሚጣበቀው ቡናማ ነገር የቡና ዘይት ነው። ቆይቶ ሲበላሽ ትኩስ ቡና ላይ የቆየ ሽታ ይጨምራል፤ አቼቶም ሆነ ሲትሪክ አሲድ ብዙም አያሸንፉትም። የሚያስለቅቀው ሳሙና ወይም እንደ ቤኪንግ ሶዳ ያለ የአሲድ ተቃራኒ ነው። በየቀኑ እነዚህ ክፍሎች በፈሳሽ ሳሙና ይታጠቡ፤ በወር አንዴ ደግሞ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በተጨመረበት ሙቅ ውኃ ለግማሽ ሰዓት ይዘፍዘፉ። ጆጉ ቴርሞስ ከሆነና አፉ ጠባብ በመሆኑ እጅ የማይገባ ከሆነ መዘፍዘፉ ብቸኛው መንገድ ነው።

ሁለቱ ሥራዎች በአንድ ቀን የሚሠሩ ከሆነ ቅባቱ ይቅደም፤ ዕቃዎቹ በደንብ ከተለቀለቁ በኋላ አሲዱ ይከተል፤ ያለዚያ የቀረው ሶዳ አሲዱን ያዳክመዋል። ሌሊት ታንኩ ውስጥ ውኃ ባይተው፣ ክዳኑም ክፍት ቢያድር ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ሦስተኛ ችግር፣ ሻጋታና የሚያሟልጭ ልጋግ፣ አይፈጠርም።